ሁለት ጉዳይ፣ ሁለት ደብዳቤ፦ የውጤትና የመምህር ሥነ ምግባር ቅሬታ ያቀረብኩበት ተሞክሮ

በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግና ፋይናንስ ተማሪ ሳለሁ በኮስት አካውንቲንግ ትምህርት ከሠራሁት በታች የሆነ ውጤት ተሰጠኝ፤ ውጤቱን ለመጠየቅ ስሄድ ደግሞ መምህሩ በሌሎች ተማሪዎች ፊት ሰደቡኝ፣ ዛቱብኝም። በሁለቱም ጉዳዮች መደበኛ ቅሬታ አቅርቤ ሁለቱም መልስ አግኝተዋል። ይህን የምጽፈው በተመሳሳይ ችግር ውስጥ ያሉ ተማሪዎች ኮሚቴዎቹ በእርግጥ ምን እንደሚመለከቱና ምን እንደማይመለከቱ አስቀድመው እንዲያውቁ ነው። እኔ ያየኋቸው ብዙዎቹ ቅሬታዎች የወደቁት ተማሪው እውነት ስላልነበረው ሳይሆን ኮሚቴው ሊወስንበት የማይችለውን ነገር ስለጠየቀ ነበር።

ውጤቱ በሬጅስትራር ገጽ ላይ ሲለቀቅ ያገኘሁት ሲ ነበር። በተከታታይ ምዘና ከ50 ያገኘሁትን አውቀው ነበር፤ በመጀመሪያው ቴስት ከ15 አሥራ ሁለት፣ በሁለተኛው ከ15 አሥራ ሦስት፣ በግሩፕ አሳይንመንት ከ20 አሥራ ስድስት፣ በድምሩ 41። በእኛ ዩኒቨርሲቲ ሲ የሚሰጠው ከ50 እስከ 60 ላለ ውጤት ስለሆነ፣ ሲ አግኝቻለሁ ማለት ከማጠቃለያው ፈተና ያገኘሁት ከ50 ሃያ እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ፈተናውን ግን እንደዚያ አልሠራሁትም ነበር። ቅሬታ ለማቅረብ የምታስቡ ሁሉ ከማንም ጋር ከመነጋገራችሁ በፊት ይህን ስሌት በወረቀት ላይ ሥሩት፤ የታወቀውን የተከታታይ ምዘና ውጤት ከተሰጠው ፊደል ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን ላይ ቀንሱና ማጠቃለያው ላይ ስንት እንደተሰጣችሁ ገምቱ። የተገኘው ቁጥር ፈተናውን ከሠራችሁበት ሁኔታ ጋር ጨርሶ የማይገናኝ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ያለው በእርማቱ ላይ ሳይሆን በነጥብ አመዘጋገቡ ላይ ነው።

በእኛ ዩኒቨርሲቲ አሠራር መጀመሪያ የሚጠየቁት መምህሩ ራሳቸው ስለሆኑ ወደ ቢሮአቸው ሄድኩ። ከእኔ ቀድመው የገቡ ሦስት ተማሪዎች ነበሩ። የነጥቤን ዝርዝር እንዲያሳዩኝ ስጠይቅ፣ በደግ ቀን እንኳ ልደግመው የማልወደውን ስድብ ሰደቡኝ፤ ቀጥለውም «ይህን ነገር ከገፋሽበት በሚቀጥለው ሴሚስተርም የማስተምርሽ እኔ ነኝ፤ ያኔ እንተያያለን» አሉኝ። ዝርዝሩን ሳላይ ወጣሁ። ዶርም እንደደረስኩ ግን ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቢሮውን ቁጥር፣ የተባልኩትን ቃል በቃልና በዚያ የነበሩትን ተማሪዎች ስም ጻፍኩ። ከወራት በኋላ ኮሚቴ ፊት ስቀርብ በጣም የጠቀመኝ ይህ ገጽ ነበር። «ያዋረደኝ ንግግር ተናገሩኝ» ብሎ የሚመሰክርና «እንዲህ የሚል ቃል ተናገሩኝ» ብሎ የሚመሰክር ሰው በኮሚቴ ዘንድ እኩል አይደመጡም።

በዚያ ሳምንት የጻፍኩት የመጀመሪያ ረቂቅ ውጤቱንና ስድቡን አንድ ላይ የያዘ ረጅም አቤቱታ ነበር። ከማስገባቴ በፊት ለተማሪዎች ኅብረት የአካዳሚክ ጉዳዮች ተጠሪ አሳየሁት። እርሱም አንብቦ ሲጨርስ እንዲህ አለኝ፦ «እኅቴ፣ ይህ ሁለት ጉዳይ ነው። ውጤቱን የሚያየው ትምህርት ክፍሉ ነው፣ መረጃውም ወረቀት ነው። ስድቡን የሚያየው የዲሲፕሊን ኮሚቴ ነው፣ መረጃውም ሰው ነው። አንድ ላይ ካስገባሽው ትምህርት ክፍሉ ‹የዲሲፕሊን ጉዳይ ስላለበት አንመለከተውም› ይላል፣ ዲኑ ደግሞ ‹በውጤት ተናድዳ ነው› ይላል።» ከእኔ በፊት በዚሁ መንገድ የሄዱ ተማሪዎች እንደነበሩም ነገረኝ። የአንድ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ ፈርመው «መምህሩ ሆን ብለው ጎድተውናል» የሚል አቤቱታ አስገብተው ነበር። ትምህርት ክፍሉ የማን ወረቀት እንደሚታይ፣ የትኛው ጥያቄ እንደተሳሳተ የሚገልጽ ነገር ስላላገኘበት ሳይወስንበት ቀረ፤ ተማሪዎቹ በየግላቸው እንዲያመለክቱ ሲነገራቸውም የማመልከቻው ጊዜ አልፎ ነበር። እኔም ምክሩን ተቀብዬ ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ በውጤቱ ደብዳቤ ውስጥ ስለ ስድቡ አንድም ቃል አላስገባሁም።

ስለ ጊዜ ገደቡ ጥቂት ልበል። በኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የሚመሩት በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ነው፤ የውጤት ቅሬታ ዝርዝር አቀራረብ ግን የሚገኘው እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በሴኔቱ በሚያጸድቀው ደንብ፣ ተማሪው በተለምዶ «ሌጅስሌሽን» በሚለው ሰነድ ውስጥ ነው። የቀናቱ ብዛት፣ ማመልከቻው በመጀመሪያ ለማን እንደሚቀርብና ስንት መምህራን ድጋሚ እንደሚያርሙ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል፤ ስለዚህ ከሌላ ተቋም ጓደኛችሁ የሰማችሁትን አትመኑ። ሰነዱ በሬጅስትራር፣ በቤተ መጻሕፍት ወይም በዲኑ ጽሕፈት ቤት ይገኛል። በእኛ ዘንድ ማመልከቻው መግባት የነበረበት በቀጣዩ ሴሚስተር መጀመሪያ ሳምንታት ውስጥ ነበር። ውጤት የሚለቀቀው ብዙ ጊዜ ተማሪው ለእረፍት ወደ ቤተሰቡ ከሄደ በኋላ ስለሆነ ይህ ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋል። መምህሩ «እስቲ አየዋለሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሽ» እያሉ የሚያመላልሷችሁ ከሆነም ቀኑ አይቆምላችሁም፤ እየተመላለሳችሁም ቢሆን ማመልከቻውን አስገቡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ለትምህርት ክፍሉ ሁለት ዓይነት ጥያቄ ማቅረብ ይቻላል፤ ተማሪዎች ግን ብዙ ጊዜ አይለዩአቸውም። አንደኛው የነጥብ ዝርዝር ማጣራት ነው፤ የተሰጠኝ ነጥብ በትክክል ተደምሯል ወይ፣ የጎደለ ምዘና አለ ወይ፣ ፊደሉ ከድምሩ ጋር ይሄዳል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው ድጋሚ እርማት ሲሆን የፈተና ወረቀቱ በሌሎች መምህራን እንዲታረም መጠየቅ ነው። የመጀመሪያው ብዙውን ጊዜ ለተማሪው ጉዳት አያስከትልም፤ ሁለተኛው ግን ነጥብ ሊጨምርም ሊቀንስም ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ዝርዝሩንና የታረመውን ወረቀት ለማየት ጠይቁ፤ ድጋሚ እርማት ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለውን ካያችሁ በኋላ ወስኑ።

የደብዳቤዬ ዋና አንቀጽ የሚከተለው ነበር፦ «በዚህ ሴሚስተር በተሰጠው የኮስት አካውንቲንግ ትምህርት ሲ የተሰጠኝ ሲሆን፣ በተከታታይ ምዘና ከ50 ያገኘሁት 41 መሆኑን ከዚህ ጋር ያያያዝኳቸው የታረሙ ወረቀቶች ቅጂ ያሳያሉ። የተመዘገበው ውጤት ከዚህ ድምር ጋር ስለማይጣጣም፣ የነጥብ ዝርዝሬና የማጠቃለያ ፈተና ወረቀቴ በትምህርት ክፍሉ በኩል እንዲታይልኝ፣ ስህተት ከተገኘም እንዲስተካከልልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።» ከአንድ ገጽ አልበለጠም። ምን ያህል እንደደከምኩ፣ ቤተሰቤ ምን እንደሚጠብቅብኝ፣ ከእኔ ያነሰ የሠራች ጓደኛዬ ምን እንዳገኘች አልጻፍኩም። በተለይ ራሳችሁን ከሌላ ተማሪ ጋር ማወዳደር አይጠቅማችሁም፤ ኮሚቴው የእናንተን ወረቀት ከመልስ ቁልፉ ጋር እንጂ ከሌላ ሰው ወረቀት ጋር አያስተያይም።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅቼ አንዱን በትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ በኩል ወደ መዝገብ ገቢ አስደረግሁ፤ በእጄ በቀረው ቅጂ ላይም የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስመታሁ። ጸሐፊዋ መጀመሪያ «ዝም ብለሽ ተይው፣ እኔ እሰጣቸዋለሁ» ብለውኝ ነበር። በጎ አስበው ነው፤ ነገር ግን የገቢ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ቢጠፋ በጊዜው ማመልከታችሁን የምታስረዱበት ነገር አይኖራችሁም። በትሕትና አጥብቃችሁ ጠይቁ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በቅደም ተከተል እንዲህ ነበር። የትምህርት ክፍል ኃላፊው ደብዳቤዬን ለመምህሩ መርተው የጽሑፍ ማብራሪያ፣ የነጥብ ዝርዝሩንና የፈተና ወረቀቴን እንዲያቀርቡ ጠየቋቸው። መምህሩ የላኩት መልስ «ተማሪዋ ያገኘችው የሠራችውን ነው» የሚል አጭር ነበር፤ አብሮት የተያያዘው የነጥብ ዝርዝር ግን ነገሩን ግልጽ አደረገው። በግሩፕ አሳይንመንት ዓምድ ላይ በእኔ ስም ትይዩ ያለው ባዶ ነበር። 25 ከሁለቱ ቴስቶች፣ 31 ከማጠቃለያው፣ በድምሩ 56፤ ሲ የመጣው ከዚህ ነው። መንስኤውም ተገኘ። በሴሚስተሩ መካከል ከሴክሽን አንድ ወደ ሴክሽን ሁለት ተዛውሬ ነበር፤ አሳይንመንቱን የሠራሁት ግን ከቀድሞው ግሩፔ ጋር ነው። ነጥቡ ሲመዘገብ የግሩፑ ውጤት በሴክሽን አንድ ዝርዝር ላይ ብቻ ገባ፣ የእኔ ስም ደግሞ ያን ጊዜ ሴክሽን ሁለት ላይ ነበር። የታረመውን አሳይንመንት ሽፋን፣ ስማችንና ከ20 የተሰጠን 16 ነጥብ የሚታይበትን፣ አንድ የግሩፑ አባል በስልኩ አንስቶት ስለነበር ያንን አትሜ አያይዤ ነበርና ክርክር አላስነሳም። በየሴሚስተሩ የሚመለስላችሁን የታረመ ወረቀት ሁሉ ውጤቱ እስኪጸድቅ ድረስ አትጣሉት፤ የግሩፕ ሥራ ከሆነ ደግሞ ወረቀቱ ከእናንተ ዘንድ ስለማይቀር በተመለሰበት ቀን ፎቶ አንሱት።

ይህ ብቻ ሲስተካከል ድምሩ 72፣ ውጤቱም ቢ ይሆናል። ነገር ግን የፈተና ወረቀቴን ሳየው በአንድ ገጽ ጀርባ የሠራሁት የ6 ነጥብ ጥያቄ ከነጭራሹ እንዳልታረመ አስተዋልኩ፤ ትክክልም ስህተትም የሚል ምልክት አልነበረበትም። ወረቀት ስታዩ በመጀመሪያ የምትፈልጉት ይህን ነው፤ ምልክት ያላረፈበት መልስ፣ በገጽ ጀርባ ወይም በተጨማሪ ወረቀት ላይ የቀረ ሥራ፣ በየገጹ ያለው ነጥብ ከሽፋኑ ድምር ጋር መለያየቱ። እነዚህ በዓይን የሚታዩ ስለሆኑ ኮሚቴው አይከራከርባቸውም። «ይህ መልስ 4 ሳይሆን 5 ይገባዋል» የሚለው ግን የመምህሩ የሙያ ዳኝነት ስለሆነ ኮሚቴዎች በቀላሉ አይነኩትም።

ላልታረመው ጥያቄ ስል ድጋሚ እርማት ጠየቅሁ። የትምህርት ክፍሉ ጉባኤ ትምህርቱን ከዚህ በፊት ያስተማሩ ሁለት መምህራንን መደበ፤ ያስተማሩኝ መምህር አልተካተቱም። ወረቀቴ ስሜ ተሸፍኖ፣ መጀመሪያ የተሰጠው ነጥብ ሳይታይ፣ ከመልስ ቁልፉ ጋር ተሰጣቸው፤ የሁለቱ አማካይ ተወሰደ። ለቀረው ጥያቄ 4 ነጥብ ሰጡኝ፣ በሌላ ጥያቄ ላይ ግን የስሌት ደረጃ በመዝለሌ 2 ቀነሱብኝ። ከ31 ወደ 33 ከፍ አለ፣ ጠቅላላው 74 ሆነ፤ ቢ ፕላስ የሚጀምረው ከ75 ስለነበር ፊደሉ ቢ እንደሆነ ቀረ። ከዚህ መገንዘብ የሚቻለው ለእኔ ፊደሉን የለወጠው ድጋሚ እርማቱ ሳይሆን የዝርዝር ማጣራቱ መሆኑን ነው። ከወሰን በጣም ርቃችሁ ከሆነና በወረቀቱ ላይ የሚታይ ግድፈት ከሌለ፣ ድጋሚ እርማት ከመጠየቃችሁ በፊት ሁለት ጊዜ አስቡ።

የትምህርት ክፍሉ ውሳኔ በራሱ ውጤቱን አይለውጠውም። የውጤት ማስተካከያ ቅጽ ይሞላል፣ ምክንያቱ ይጻፍበታል፣ መምህሩና የትምህርት ክፍል ኃላፊው ይፈርማሉ፣ በእኛ ዘንድ የፋኩልቲው አካዳሚክ ኮሚሽን ያጸድቀዋል፣ ከዚያ ወደ ሬጅስትራር ይሄዳል። የእኔ ቅጽ መምህሩ ለመፈረም በማዘግየታቸው ቆመ። ኃላፊው የጉባኤውን ቃለ ጉባኤ አያይዘው በራሳቸው ፊርማ ሲልኩት ነበር የተንቀሳቀሰው፤ ይህም የሆነው ቃለ ጉባኤው ቁጥርና ቀን ኖሮት የእኔን ማመልከቻ ቁጥር ስለጠቀሰ ነው። በዚህ ደረጃ ላይ ብዙ ተማሪዎች «ተስተካክሏል» ሲባሉ ያምናሉ፣ ሲመረቁ ግን በትራንስክሪፕቱ ላይ አሮጌውን ፊደል ያገኛሉ። አማካይ ውጤታችሁ ጭምር እንደገና መሰላቱን በሬጅስትራር አረጋግጡ። ዝቅተኛው ውጤት ከትምህርት የሚያሰናብታችሁ ከሆነ ደግሞ ቅሬታ ማቅረባችሁ ብቻ ስንብቱን እንደማያቆም አስቡና፣ ጉዳዩ እስኪወሰን ምዝገባችሁ እንዳይዘጋ በዚያው ማመልከቻ ውስጥ ለይታችሁ ጠይቁ።

ስለ ስድቡና ዛቻው የጻፍኩት ሁለተኛው ደብዳቤ ለፋኩልቲው ዲን ገባ። ይህኛው መንገድ ቀስ ያለ ነው፣ ተማሪውም በውስጡ ያለው ቦታ የተለየ ነው። በውጤት ጉዳይ ላይ አመልካቹ እናንተ ናችሁ፤ በዲሲፕሊን ጉዳይ ግን ከሳሹ ተቋሙ ሲሆን እናንተ ጠቋሚና ምስክር ናችሁ። ዲኑ ነገሩ መነሻ እንዳለው ሲያምኑ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ መሩት፤ ኮሚቴው ለመምህሩ ክሱን በጽሑፍ ሰጥቶ የጽሑፍ መልስ ተቀበለ፣ ከዚያም እኔንና ምስክሮቹን በየተራ ሰማ። መምህሩ በመልሳቸው «ውጤት ስላነሰባት የፈጠረችው ነው» ብለው ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢም ይህንኑ ጠየቁኝ። የውጤቱ ጉዳይ በሌላ ማመልከቻ ቀርቦ በትምህርት ክፍሉ መወሰኑን ገልጬ፣ እዚህ የምጠይቀው ነጥብ እንደሌለ መለስኩ። ደብዳቤዎቹን መለየቴ የጠቀመኝ በዚህ ሰዓት ነው።

ከሦስቱ ምስክሮች አንዱ ቀረ፤ በሚቀጥለው ዓመት መመረቂያ ጽሑፉን የሚያማክሩት እኚሁ መምህር ስለሚሆኑ ፈራ፣ እኔም አልወቀስኩትም። የቀሩት ሁለቱ የሰሙትን ቃል ተናገሩ፤ በዚያው ቀን ከጻፍኩት ጋር ተመሳሰለ። ምስክር ስትጠይቁ «ከእኔ ጋር ቁም» አትበሉ፣ «የሰማኸውን ብቻ ተናገር» በሉ፤ አንድ ዓይነት የተጠና ቃል የሚናገሩ ምስክሮች ኮሚቴውን ያስጠረጥሩታል። ኮሚቴው ራሱ አይቀጣም፣ የውሳኔ ሐሳብ ለበላይ ኃላፊ ያቀርባል። ለእኔ የተነገረኝ መምህሩ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንደተሰጣቸው ብቻ ነው፤ የኮሚቴውን ሪፖርት አላየሁም፣ በሠራተኛ የግል ማኅደር ውስጥ ስለሚቀመጥ እናንተም ታያላችሁ ብላችሁ አትጠብቁ። ከቅጣቱ ይልቅ እኔን የረዳኝ በደብዳቤዬ መጨረሻ ላይ ያስገባሁት ጥያቄ ነበር። «ዛቻው የተነገረኝ ስለ ቀጣዩ ሴሚስተር ስለሆነ፣ በእኚህ መምህር የሚሰጠኝ ፈተና በሌላ መምህር እንዲታረምልኝ እጠይቃለሁ» ብዬ ነበር፤ ኃላፊው ይህን ኮሚቴው ገና ሳይወስን ፈቀዱልኝ። የምትፈሩት ነገር ካለ እንዲህ ተለይቶ ሊፈጸም በሚችል ጥያቄ አቅርቡት።

የደረሰባችሁ ጾታዊ ትንኮሳ ከሆነ ግን ወደ መምህሩ ቢሮ ተመልሳችሁ አትሂዱ፣ በትምህርት ክፍሉ በኩልም መጀመር የለባችሁም። በዩኒቨርሲቲዎች ያለው የሥርዓተ ፆታ ጽሕፈት ቤት እንዲህ ያለውን ጉዳይ ይቀበላል፤ የስልክ መልእክቶችን ሳታጠፉ፣ ቀንና ላኪው በሚታይበት ሁኔታ ይዛችሁ ሂዱ።

ትምህርት ክፍሉ ቅሬታችሁን ካልተቀበለው ውሳኔው ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ ይግባኝ የሚባለው በቃል መልስ ላይ ሳይሆን በዚህ ወረቀት ላይ ነው። በእኛ ዘንድ ይግባኙ ለዲኑ፣ ከዚያም ለአካዳሚክ ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንት ይሄዳል። በየደረጃው የበላዩ አካል የሚመረምረው ከሥር ያለው አካል ደንቡን ተከትሏል ወይ የሚለውን ስለሆነ፣ «ውጤቴ ትክክል አይደለም» ከሚለው ይልቅ «ወረቀቴን እንድመለከት አልተፈቀደልኝም»፣ «ያረሙት መምህር ራሳቸው ደግመው አረሙት»፣ «በጊዜው ያስገባሁት ማመልከቻ በዚህ ቁጥር ተመዝግቦ ሳለ መልስ አልተሰጠም» የሚለው ይበልጥ ይደመጣል። በተቋሙ ውስጥ ያለው መንገድ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ለተቋቋመው ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይቻላል። ተቋሙ የአስተዳደር በደል መኖሩን መርምሮ እንዲታረም ሐሳብ ያቀርባል እንጂ የፈተና ወረቀት አያርምም፤ ስለዚህ ወደዚያ ስትሄዱ መያዝ ያለባችሁ የፈተና መልሳችሁን ማብራሪያ ሳይሆን ማኅተም ያረፈባቸውን ማመልከቻዎች፣ የተሰጣችሁን የጽሑፍ መልስና የዩኒቨርሲቲውን ደንብ የተጣሰ አንቀጽ ነው።